የብቃት ክፍል እቅድን ከስራ ትዕዛዙ መጀመር፦ ሶኬት ከመጨመር ስራ የተወሰደ ተሞክሮ

የኤሌክትሪክ ዝርጋታ አሰልጣኝ ነኝ። እዚህ የማካፍላችሁ ለአንድ የብቃት ክፍል የስልጠና እቅድ ሳወጣ የምሄድበትን መንገድ ነው። የመረጥኩት ክፍል ከላይ ሲታይ ቀላል ነው፤ ቀድሞ በተዘረጋ ሰርኪዩት ላይ አንድ ሶኬት መጨመር፣ መፈተሽና ለደንበኛው ማስረከብ። ይሁን እንጂ ሰልጣኙ ስራውን እንደሚችል በእርግጠኝነት ለመናገር የሚያስፈልገው ዝግጅት በዚህ ክፍል ላይ ከሌሎቹ ይልቅ ጎልቶ ይታያል። ብየዳ፣ ስፌት ወይም የመኪና ጥገና የምታሰለጥኑም ብትሆኑ ነገሩን ወደ ራሳችሁ ሙያ ማዞር አይከብዳችሁም።

በዚህ ሙያ ውስጥ በብዛት የማየው እቅድ በመጀመሪያው ሳምንት የኦም ህግን፣ በሁለተኛው መሳሪያዎችን፣ በሶስተኛው የሽቦ አይነቶችን፣ በአራተኛው ደግሞ አስተሳሰርን ያስተምርና መጨረሻ ላይ "ተግባር ልምምድ" የሚል አንድ መስመር ይጨምራል። በዚህ መንገድ ያለፈ ሰልጣኝ የሽቦውን ልክ ያውቃል፣ ብሬከር ምን እንደሚሰራ ያውቃል፣ ሶኬትም ማሰር ይችላል። ፓኔል ፊት አቁማችሁ "ሶኬት ጨምር" ስትሉት ግን ቀድሞ ምን መንካት እንዳለበት ይጠፋዋል። እያንዳንዱን ቁራጭ ለየብቻ ተምሮታል፤ ቁርጥራጮቹን የሚያገናኘው ውሳኔ ግን በየትኛውም ሳምንት አልነበረም።

ስለዚህ እኔ የምጀምረው ከመጨረሻው ነው። መጀመሪያ ሰልጣኙ በምዘናው ቀን እጁ ላይ የሚደርሰውን የስራ ትዕዛዝ እጽፋለሁ። የዚህ ክፍል ትዕዛዝ እንዲህ ይላል፦

"ደንበኛው በስራ ክፍላቸው ካለው ሶኬት ሶስት ሜትር ርቀት ላይ አንድ ተጨማሪ ሶኬት ይፈልጋሉ። ነባሩ ሰርኪዩት በ16 አምፒር ብሬከር የሚጠበቅ ሲሆን ሽቦው 2.5 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ነው። አዲሱ መስመር በግድግዳው ላይ ሽቦ በሚሸፍን ትራንኪንግ ውስጥ ይሂድ። በሌላው ክፍል ሰዎች ስራ ላይ ስለሆኑ የእነሱ ኃይል መቋረጥ የለበትም። ስራው ሲያልቅ የፍተሻ ቅጽ ተሞልቶ ርክክብ ይደረግ።"

ትዕዛዙ አጭር ነው፤ ሆኖም ውስጡ ያለምክንያት የገባ ዓረፍተ ነገር የለም። የሌላው ክፍል ኃይል መቋረጥ የለበትም ማለት ሰልጣኙ ዋናውን ማብሪያ አጥፍቶ መገላገል አይችልም ማለት ነው፤ የሚሰራበትን ሰርኪዩት ለይቶ ማግኘት አለበት። የብሬከሩና የሽቦው ልክ የተጻፈው ሰልጣኙ መስመሩ ተጨማሪውን ይችል እንደሆነ አስቦ እንዲጠይቅ ነው፤ ምን ምን እንደሚሰካበት ትዕዛዙ ስላልተናገረ ደንበኛውን መጠየቅ የራሱ ፈንታ ነው። የፍተሻ ቅጹ ደግሞ መለካት ብቻ ሳይሆን የተለካውን ቁጥር መረዳትንም ያስገድዳል።

ትዕዛዙ ውስጥ ሆን ብዬ የማላስገባው የአሰራር ቅደም ተከተል ነው። "አንደኛ ብሬከሩን አጥፋ፣ ሁለተኛ በቴስተር ፈትሽ" እያለ የሚዘረዝር የተግባር ፈተና ማንበብን ነው የሚመዝነው። እውነተኛ ደንበኛ ቅደም ተከተል አይሰጥም።

ቀጥሎ የሚመጣው የአፈጻጸም መስፈርቱ ነው። የሙያ ደረጃው ሰነድ ላይ ያለው መስፈርት መነሻ ይሆናል እንጂ ለብቻው አይበቃም፤ ለብዙ አይነት የስራ ቦታ ተብሎ ስለሚጻፍ አጠቃላይ ነው። እኔ ሰነዱን ይዤ በየቀኑ ይህን ስራ ከሚሰሩና ጀማሪ ከሚቆጣጠሩ ባለሙያዎች ጋር እቀመጣለሁ። "ጥሩ ሰራተኛ ምን ማወቅ አለበት?" ብላችሁ ብትጠይቋቸው የምታገኙት ረጅምና የማይጠቅም ዝርዝር ነው። ከዚያ ይልቅ ሁለት ነገር ጠይቋቸው። አንዱ "ጀማሪ የሰራውን አይታችሁ አፍርሰህ ስራ የምትሉት ምን ስታዩ ነው?" የሚል ነው። ሌላው "በቃ፣ መሳሪያህን ሰብስብና ውረድ የምትሉትስ?" የሚል።

ለመጀመሪያው ብዙ መልስ ይመጣል፤ ከተርሚናሉ ውጭ ተርፎ የሚታይ እርቃን መዳብ፣ የተጣመመ ሶኬት፣ ማዕዘኑ ላይ ክፍተት የተወ ትራንኪንግ፣ የተቆነጠጠ ሽቦ። ለሁለተኛው ግን ያነጋገርኳቸው ሁሉ የመለሱልኝ ያው አንድ ነገር ነው፤ ኃይል መጥፋቱን ሳያረጋግጥ እጁን የሰደደ። ከሁለቱ ጥያቄዎች መልስ ላይ የመስፈርቱ ሁለት እርከን ይወጣል። የመጀመሪያዎቹ የሚታረሙ ናቸው፤ ሰልጣኙ ከርክክብ በፊት ራሱ አይቶ ካረመ ያልፋል። የሁለተኛው አይታረምም፤ እሱ ከተጣሰ ሶኬቱ የቱንም ያህል ቢያምር ሙከራው እዚያው ያበቃል። ሁሉንም መስፈርት እኩል ነጥብ ሰጥቶ መደመር የብቃት ምዘናን የሚገድል ነገር ነው፤ ቀጥ ያለ ትራንኪንግ የዘረጋ ሰልጣኝ ባገኘው ነጥብ ያልተረጋገጠ መስመር መንካቱን ሊያካክስ አይገባም።

መስፈርቱን ወደ ቼክሊስት ስንለውጠው አብዛኛው ችግር የሚመጣው ከቃላት ነው። "ደህንነትን ጠብቆ ኃይል ያቋርጣል"፣ "ሽቦውን በአግባቡ ያስራል" የሚሉ መስመሮች ወረቀት ላይ ያምራሉ፤ ነገር ግን "በአግባቡ" የሚለውን እያንዳንዱ መዛኝ እንደ ልማዱ ይተረጉመዋል። እኔ የምጽፈው አይን የሚያየውን ወይም እጅ የሚነካውን ብቻ ነው። "በአግባቡ ያስራል" የሚለው ቦታ ላይ ሶስት ነገር ይገባል፤ ከተርሚናሉ ውጭ እርቃን መዳብ አይታይም፣ ብሎኑ የጨበጠው መዳቡን እንጂ የሽቦውን ልባስ አይደለም፣ ሽቦው አንድ በአንድ በእጅ ሲሳብ አይነቃነቅም።

ኃይል ማቋረጡ ደግሞ እንዲህ ይዘረዘራል። ሰልጣኙ ሰርኪዩቱን ለይቶ ብሬከሩን ያጠፋል፤ ብሬከሩን በቁልፍ ይቆልፋል፤ ቁልፉን ኪሱ ይከታል፤ የማስጠንቀቂያ ካርድ ያንጠለጥላል። ከዚያ ባለሁለት ጫፍ ቴስተሩን ኃይል እንዳለው በሚታወቅ ምንጭ ላይ ሞክሮ መስራቱን ያያል። ወደ ሶኬቱ ሄዶ በፌዝና በኒውትራል መካከል፣ በፌዝና በኧርዝ መካከል፣ በኒውትራልና በኧርዝ መካከል ይፈትሻል። በመጨረሻም ቴስተሩን እንደገና ወደዚያ የታወቀ ምንጭ ወስዶ አሁንም እንደሚሰራ ያረጋግጣል። ብዙ ሰልጣኝ የሚዘልላት ይህችን የመጨረሻዋን ናት፤ "ቅድም ሞክሬው የለ?" ይላሉ። ቴስተሩ በሁለቱ ሙከራዎች መካከል ተበላሽቶ ቢሆን ግን "ኃይል የለም" ያለው መልስ ዋጋ አይኖረውም። በቼክሊስቱ ላይ ይህች ለብቻዋ አንድ መስመር አላት፣ የማይታረሙት ውስጥም ናት።

ቼክሊስቱ ሲያልቅ ከምዘናው በፊት ራሱን እፈትነዋለሁ። አንድ ባልደረባዬ እና እኔ አንድ ሰልጣኝ ሲለማመድ ሳንነጋገር በየራሳችን ወረቀት እንሞላለን፤ ከዚያ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን እናደርጋለን። የተለያየንባቸውን መስመሮች "ማን ልክ ነው?" ብለን አንከራከርባቸውም፤ ሁለት ሰዎች አንድ ነገር አይተው ከተለያዩ መስመሩ በደንብ አልተጻፈም ማለት ነው፣ እንደገና ይጻፋል። አንድ ጊዜ የተለያየነው "የስራ ቦታውን አጽድቶ ያስረክባል" በሚለው ላይ ነበር። እሱ የወለሉን ፍርፋሪ አይቶ "አልተሟላም" አለ፤ እኔ መሳሪያዎቹ መሰብሰባቸውን አይቼ "ተሟልቷል" አልኩ። አሁን መስመሩ "ወለሉ ላይ የሽቦ ቁራጭና የትራንኪንግ ፍርፋሪ የለም፤ መሳሪያዎቹ ቆጠራ ተደርጎባቸው ሳጥን ገብተዋል" ይላል። ርዝመቱንም ልብ በሉ፤ ቼክሊስቱ ከአንድ ገጽ ካለፈ መዛኙ ወረቀቱን ሲያገላብጥ የሰልጣኙ እጅ ያመልጠዋል። ውሳኔውን የማይለውጥ መስመር ካለ አውጡት።

አሁን ወደ ወርክሾፑ እንሂድ፤ ብዙ ጥሩ እቅድ የሚከሽፈው እዚህ ነው። የወርክሾፕ ፓኔል አብዛኛውን ጊዜ ኃይል የለውም። ሰልጣኞቹም ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ ኃይል መጥፋቱን ማረጋገጥ ከስራነት ወጥቶ ትወና ይሆናል፤ ቴስተሩን ነካ ነካ አድርጎ፣ ጠቋሚውን እንኳ ሳያይ ወደ ሶኬቱ። ቼክሊስቱ ላይ ሁሉም ምልክት ይደረግበታል፤ የተመዘነው ግን እንቅስቃሴው ነው። ይህን የምታውቁት አይናቸውን በማየት ነው። የሚያረጋግጥ ሰው ቴስተሩን ያያል፤ የሚተውን ሰው መዛኙን ያያል።

ፍቱን ሆኖ ያገኘሁት ፍተሻው አንዳንድ ጊዜ ያልተጠበቀ መልስ እንዲሰጥ ማድረግ ነው። በአንዱ የልምምድ ቦርድ ላይ የሁለት ብሬከሮችን መለያ አቀያይራለሁ። በገሃዱ ዓለም ይህ ብርቅ አይደለም፤ መለያው የተጻፈው ድሮ ሆኖ መስመሩ ከዚያ በኋላ የተለወጠበት ፓኔል ሞልቷል። አንዲት ሰልጣኝ መለያው "የስራ ክፍል ሶኬት" የሚለውን ብሬከር አጥፍታ፣ ቆልፋ፣ ካርዷን ሰቅላ፣ ቴስተሯን ሞክራ ወደ ሶኬቱ ሄደች። በፌዝና በኒውትራል መካከል ስታስቀምጠው መብራቱ በራ። ለአፍታ ቆማ አየችው፣ ጫፎቹን ነቅላ ድጋሚ አስቀመጠች፣ አሁንም በራ።

"መምህር፣ ይሄ እኮ አልጠፋም" አለችኝ።

"ታዲያ ምን ታደርጊያለሽ?"

"መለያውን ትቼ እራሴ እፈልገዋለሁ።" ቁልፏን አንስታ ብሬከሩን መለሰችና ትክክለኛውን ፈልጋ አገኘች። ስትጨርስ የፓኔሉን መለያ አስተካክላ ጻፈች፤ ማንም አላዘዛትም። ይህች የመለያ ማስተካከል ነገር በቼክሊስቱ ላይ አልነበረችም፤ ከእሷ በኋላ ገባች።

ሌላው የማደርገው ጫፉ ውስጥ ሽቦው የተቆረጠ ቴስተር ከደህናዎቹ ጋር መቀላቀል ነው። በታወቀ ምንጭ ሳይሞክር የሚሄድ ሰልጣኝ በዚህ ይያዛል። እዚህ ላይ ግን አጥብቄ የምናገረው አለ። የተቀያየረ መለያና የተበላሸ ቴስተር በአንድ ሰልጣኝ ላይ በአንድ ጊዜ ፈጽሞ አይደረጉም፤ ሁለቱ ሲገጥሙ ኃይል ያለበትን መስመር "የለበትም" የሚል መልስ ይሰጣሉ። ወጥመድ ያለበትን ልምምድ በሙሉ ደግሞ የማሰራው በ24 ቮልት በሚመገብ ቦርድ ላይ ነው። በሙሉ ቮልቴጅ በሚደረገው ምዘና ቦርዱ 30 ሚሊአምፒር ያህል ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲያፈተልክ ኃይሉን በሚያቋርጥ የልዩነት ብሬከር በኩል ይመገባል፣ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያው እኔ እጅ ስር ነው። ሰልጣኙ ሳያረጋግጥ እጁን ወደ ተርሚናሉ ሲሰድ ካየሁ "ቁም!" እላለሁ፤ አንድ ጊዜ "ቁም" ከተባለ ያ ሙከራ አብቅቷል። ይህን ህግ ሰልጣኞቹ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቁታል።

ስለ ንድፈ ሐሳቡ ሁልጊዜ ጥያቄ ይነሳል፤ "ሁሉም ተግባር ከሆነ ትምህርቱ የት ገባ?" ይባላል። የገባው የፍተሻ ቅጹ ውስጥ ነው። ሰልጣኙ የአዲሱን መስመር የኧርዝ ሽቦ ቀጣይነት ይለካል፤ ቅጹ ላይ ከተለካው ቁጥር በፊት "የሚጠበቀው" የሚል ባዶ ቦታ አለ። ይህን ለመሙላት 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ መዳብ በአንድ ሜትር ወደ 7.4 ሚሊኦም ገደማ እንዳለው ማወቅና ማባዛት አለበት። የተጠቀመው ሽቦ አራት ሜትር ከሆነ 0.03 ኦም አካባቢ ይጠብቃል። መለኪያው 0.9 ካለ የሆነ ቦታ ላይ የላላ ብሎን አለ ወይም የመለኪያውን ገመዶች ራሳቸውን ዜሮ አላደረገም። የሽቦ ሬዚስታንስ ትምህርቴን የማስተምረው ሰልጣኞቹ ይህን ባዶ ቦታ መሙላት ባቃታቸው ጠዋት ነው። ያኔ ማን እንደሚሰማ ማየት ነው።

የሽቦው ልባስ ኃይል እንደማያሳልፍ የሚያረጋግጠው የኢንሱሌሽን ፍተሻ ከዚህም ይብሳል። መለኪያው 500 ቮልት ዲሲ ይልካል፤ ለእንዲህ አይነቱ ሰርኪዩት ውጤቱ ቢያንስ 1 ሜጋኦም መሆን አለበት፣ አዲስና ደረቅ የሆነ መስመር ደግሞ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። እኔ አዲሱን ሶኬት ጠቋሚ መብራት ካለው አይነት እመርጣለሁ። ሰልጣኙ በፌዝና በኒውትራል መካከል ሲለካ 0.3 ሜጋኦም የመሰለ ቁጥር ያያል፤ ያቺ ትንሽ መብራት በሁለቱ መካከል መንገድ ስለሆነች ነው። እዚህ ቦታ ላይ ሶስት አይነት ሰልጣኝ ይለያል። አንዱ 0.3 ብሎ ጽፎ ያልፋል። አንዱ ሽቦው ተበላሽቷል ብሎ የዘረጋውን ይነቅላል። ሶስተኛው ቆም ብሎ "ምን ተያይዟል?" ብሎ ያስባል፤ ፌዝና ኒውትራሉን አንድ ላይ አጋጥሞ ከኧርዝ ጋር ይለካል፣ ወይም ሶኬቱን ፈትቶ ሽቦውን ለብቻው ይለካል። ብቃት ስንል የምናወራው ስለ ሶስተኛው ነው። አንደኛውና ሁለተኛውም መለኪያውን "በአግባቡ" ይዘው ነበር፤ አሮጌው ቼክሊስት ቢሆን ሶስቱም ያልፉ ነበር።

በስራው ወቅት ሊታይ የማይችለውን በቃል ጥያቄ እሞላዋለሁ፤ ጥያቄዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ሁሉም "ይህ ባይሆንስ?" የሚሉ ናቸው። ብሬከሩን የምትቆልፍበት ቁልፍ ባይኖርህስ? ደንበኛው አዲሱ ሶኬት ላይ ከባድ ማሞቂያ እንሰካለን ቢሉስ? ነባሩ ሶኬት ላይ የኧርዝ ሽቦ ባታገኝስ? የመጨረሻው በተለይ ይለያል፤ ትክክለኛው መልስ ስራውን ማቆምና ለደንበኛው መንገር ነው። ስራ መጨረስን ብቻ የተማረ ሰልጣኝ ይህን ለማለት ይቸገራል።

ሰዓት ላይ ስንመጣ እቅድ አውጪዎች የሚዘነጉት ምዘናው ራሱ የሚበላውን ጊዜ ነው። ክፍሉ 60 ሰዓት ተሰጥቶታል እንበል፤ 20 ሰልጣኝና አምስት የስራ ቡዝ አለን። አንድ ሰልጣኝ ስራውን በሁለት ሰዓት ይጨርሳል፤ ቡዙን ለቀጣዩ ለማዘጋጀት ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። አምስቱንም እኩል ካስጀመርኳቸው አምስቱም እኩል ኃይል ሲያቋርጡ ማየት አልችልም፤ ስለዚህ በየግማሽ ሰዓቱ አንድ አንድ አስጀምራለሁ። ሃያኛው ሰልጣኝ የሚጀምረው ከመጀመሪያው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ዘግይቶ ነው፤ እሱ ሲጨርስና ቡዙ ሲጸዳ 12 ሰዓት ሞላ። እያንዳንዱ ሰልጣኝ ሁለት ጊዜ እንዲሰራ ከፈለግኩ 24 ሰዓት ሄደ ማለት ነው። ከ60ው የቀረው 36 ነው። ለድጋሚ ሙከራ ስድስት ሰዓት ካስቀመጥኩ ለማሰልጠን የሚተርፈኝ 30 ሰዓት ብቻ ነው።

ይህን ስሌት በእቅዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ካልሰራችሁት በመጨረሻው ሳምንት ይሰራባችኋል። የሚሆነው ይታወቃል፤ ጊዜ ስለሚያጥር ሰልጣኞቹ በቡድን አምስት አምስት ሆነው ይሰራሉ፣ አንዱ ይሰራል፣ አራቱ ትራንኪንግ ይይዛሉ፣ አምስቱም "ብቁ" ይባላሉ። የድጋሚ ሰዓት ያልተያዘበት እቅድም እንዲሁ አሰልጣኙን ሁሉንም እንዲያሳልፍ ይገፋዋል፤ ያላለፈውን መልሶ የሚያይበት ጊዜ የለውማ።

ጊዜውን የማቃልለው የሚታየውን ነገር በሁለት በመክፈል ነው። ኃይል ማቋረጡና ፍተሻው ሲሰሩ በአይን መታየት አለባቸው፤ ካለፉ በኋላ ዱካ አይተዉም። የትራንኪንጉ ቀጥ ማለት፣ የተርሚናሉ እስራት፣ የሶኬቱ ልክ ግን ስራው ካለቀ በኋላም ይመረመራሉ። ስለዚህ ሰልጣኙ ሁለት ሰዓት ቢሰራም እኔ አጠገቡ የምቆመው መጀመሪያ ላይና መጨረሻ ላይ ነው። አንዱ ወደ ፍተሻ ሲደርስ ሌላው ኃይል ማቋረጥ ላይ ከሆነ ለመፈተሽ የደረሰው እጁን አንስቶ ይጠብቃል፤ የጠበቀው ጊዜ አይቆጠርበትም። ተራ የሚጠብቁት ሰልጣኞች በዚያ ጊዜ ኃይል በሌለው ጠረጴዛ ላይ እስራትና ትራንኪንግ ቆረጣ ይለማመዳሉ። እኔ ምዘና ላይ እያለሁ ኃይል ያለው ልምምድ በሌላ ጥግ አይደረግም።

የቀሩት 30 ሰዓታት ከባዱ የት እንደሆነ እያዩ ይከፋፈላሉ። በመጀመሪያው ቀን ስራውን ከደንበኛው ሰላምታ እስከ ርክክቡ ሳላቋርጥ ሰርቼ አሳያለሁ፤ ማብራሪያ አልሰጥም፣ እነሱ የስራ ትዕዛዙን ይዘው ያያሉ። ከዚያ ኃይል ማቋረጡን ለብቻው አውጥተን እጅ እስኪለምደው ድረስ በተለያዩ ፓኔሎች ላይ እንደጋግመዋለን። ፍተሻው ተመሳሳይ ድርሻ ያገኛል። ትራንኪንግ መቁረጥና ሶኬት ማሰር ከጠበቅኩት በላይ ቶሎ ይለመዳሉ፤ ብዙ ሰዓት አልሰጣቸውም። ሶስተኛው ምዕራፍ ሙሉውን ስራ ጥንድ ጥንድ ሆነው መስራት ነው፤ አንዱ ሲሰራ ሌላው ያንኑ የምዘናውን ቼክሊስት ይዞ ይሞላል። ቼክሊስቱን ከሰልጣኝ መደበቅ ምክንያት የለውም። የጓደኛውን ስራ የመዘነ ሰልጣኝ የራሱን ሲሰራ መስፈርቱ አይጠፋውም።

ሁለቱ የምዘና ሙከራዎች አንድ አይነት እንዳይሆኑ እጠነቀቃለሁ። በአንደኛው ግድግዳው እንጨት ከሆነ በሁለተኛው ብሎኬት ይሆናል፤ በአንደኛው ፓኔሉ መለያ ካለው በሁለተኛው አይኖረውም። ሰልጣኙ አንድን ቡዝ ሸምድዶ ከሆነ በሁለተኛው ይታያል። ውሳኔው የሁለቱ አማካይ አይደለም፤ ሁለቱም ላይ የማይታረሙት መሟላት አለባቸው። የሚታረም ጉድለት የተገኘበት ሰልጣኝ ያንኑ ክፍል ያርማል፣ ለምን እንደሆነ ያስረዳል፤ ሙሉውን አይደግምም። በማይታረመው የወደቀ ግን ሙሉ ስራውን በሌላ ቡዝ እንደ አዲስ ይሰራል፤ ምክንያቱም ኃይል ማቋረጥን ለብቻው ሲጠየቅ ሁሉም ያደርገዋል፣ የሚረሳው ስራ መሃል ሲሆን ነው። ቅጹ ላይ "ወደቀ" አይባልም፤ "ገና" ተብሎ የጎደለው መስመር ቁጥር ይጻፋል።

ሰልጣኞቹ ለተግባር ልምምድ ወደ ድርጅት ሲወጡ የሚያመጡት ማስረጃ ሌላ ራስ ምታት ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው "በጥሩ ስነምግባር ሰርቷል" የሚል ማህተም ያለበት ደብዳቤ ነው፤ ስለ ብቃቱ የሚለው ነገር የለም። እኔ ለተቆጣጣሪው የምልከው በግማሽ ገጽ የተጻፉ አምስት መስመሮችን ነው፤ የተሰራው ስራ፣ ቀኑ፣ ቴስተሩን ከፍተሻው በፊትና በኋላ ሞክሯል ወይ፣ የተለኩት ቁጥሮች ስንት ነበሩ፣ ተቆጣጣሪው ያረመው ነገር ነበር ወይ። የመጨረሻው ላይ ሁሌ "የለም" ተብሎ የሚመጣ ከሆነ ደውዬ እጠይቃለሁ። ይህ ማስረጃ የወርክሾፑን ምዘና ያጠናክራል እንጂ አይተካም፤ ተቆጣጣሪው ሰልጣኙን ሙሉ ጊዜ አጠገቡ ቆሞ አላየውም።

ከማለቁ በፊት የእቃውን ዝርዝር አትርሱ። 20 ሰልጣኝ ሁለት ጊዜ ሲሰራ 40 መስመር ነው፤ በአንድ መስመር አራት ሜትር፣ ሶስት ሽቦ ሲሆን 480 ሜትር ሽቦ ይሆናል፣ ልምምዱን ሳይጨምር። ሽቦውን ከአንዱ ወደ ሌላው እያዘዋወርን እንጠቀማለን ካላችሁ ጫፉ በየጊዜው ስለሚቆረጥ ያጥራል፤ ስለዚህ ለምዘና አዲሱን አስቀምጡና የተረፈውን ለልምምድ አውሉት። የተርሚናሉ ብሎን በብዙ እጅ ሲጠብቅ ይላላል፤ ሰልጣኙ ሽቦው ሲሳብ የተነቃነቀበት ምክንያት እሱ ሳይሆን ያረጀ ሶኬት ሊሆን ይችላል። ከምዘናው በፊት እያንዳንዱን ሶኬት ራሴ አስሬ እስበዋለሁ፤ ያልያዘው ይወጣል።